በእንግሊዝኛ የተጻፈ ንግግር ቱሉ ዲምቱ ላይ ሲነገር

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር የጉድጓድ ውሃ አስቆፍሮ ቦኖ አቁሟል። ምረቃው ቅዳሜ ነው። ኃላፊያችን ንግግሩን የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች አስቀድመው ማየት ስለፈለጉ። ከዚያ ለአንድ የትርጉም ቤት ተሰጠና በአማርኛ ተመለሰ። የሰዋስው ስህተት የለበትም። ጮክ ብዬ ሳነበው ግን የማታ ሁለት ሰዓት ዜና ሆነብኝ።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ለጠፍኩት፦

«ዛሬ በመካከላችሁ ተገኝቼ የአካባቢውን ነዋሪዎች የረጅም ጊዜ የንጹህ መጠጥ ውሃ አቅርቦት ችግር ለመቅረፍ ከለጋሾች በተገኘ ድጋፍ የተገነባውን የውሃ ተቋም ለማስመረቅ በመቻሌ የተሰማኝን ከፍተኛ ደስታ ልገልጽ እወዳለሁ።»

ሰሚዎቹ ጀሪካን ይዘው የሚመጡ እናቶች፣ የእድር ዳኞች፣ ከወረዳ የሚመጡ ኃላፊዎችና ሁለት ሦስት ፈረንጆች ናቸው። ይህን ጽሑፍ ሰው እንደሚናገረው ለማድረግ ከየት ልጀምር? አልኩ።

1ኛው መልስ የመጣው ሠርግና ምረቃ ሲመራ ከሚውል የመድረክ መሪ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ በትህትና ጀመረ። ችግሩ ቃላቱ ላይ ሳይሆን ግሱ ያለበት ቦታ ላይ እንደሆነ አሳየኝ። እንግሊዝኛው ገና ሲጀምር ደስ ብሎኛል ብሎ ይገላገልና ዝርዝሩን ከኋላ ያስከትላል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ሳይቆርጡ ካዞሩት ዝርዝሩ በሙሉ ከፊት ይከመራል። ሰሚው «እወዳለሁ» እስኪመጣ ድረስ ማን ምን እንዳደረገ አያውቅም። አንባቢ ቢጠፋበት ወደ ላይ ተመልሶ ያነባል። ሰሚ የት ይመለሳል?

ማወቂያም ሰጠኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በ«የ» የሚጀምሩትን ቃላት ቁጠሪ፤ ከሁለት ካለፉ ቁረጪው አለ። ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው።

ከዚያ አሠራሩን ነገረኝ። እንግሊዝኛውን አንድ አንቀጽ አንብቢ፣ ወረቀቱን ገልብጪ፣ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው በቃልሽ ንገሪ፣ ስልክሽ ይቅዳው። የምትጽፊው ከቅጂው እንጂ ከወረቀቱ አይሁን። እኔም ለቢሯችን ጥበቃ ነገርኳቸው። አንድ አንቀጽ እንደጨረስኩ ያቋረጡኝ፣ ታዲያ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚከፈተው ብለው ነው። ንግግሩ ውስጥ ይህ ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከምስጋናው ሁሉ በኋላ ነው። ወደ ፊት አመጣሁት።

ከቅጂው የወጣው መክፈቻ ይህን መሰለ፦

«እናቶች፣ አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንኳን ለዚህ ቀን አበቃን። ይህ ሰፈር በውሃ ብዙ ተቸግሯል። ሌሊት ተነስታችሁ ጀሪካን ስትደረድሩ ከርማችኋል። ይኸው ዛሬ ቦኖው ተከፍቷል።»

2ኛው መልስ ሰጪ ወጣት ይመስላል፤ በጣም ደስ ብሎታል። ሚስጥሩ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ሁሉንም ሰባብሪው አለ። ቃልም ቆጥሯል። እንግሊዝኛው 640 ቃል ገደማ ነው፣ አማርኛው ግን 430 አይሞላም። ስለዚህ ጊዜ ተርፎሻልና የለጋሾቹን ስም በሙሉ መጨመር ትችያለሽ ብሎ ደመደመ።

3ኛው መልስ ለዓመታት በአስተርጓሚነት ከሠራ ሰው ነው። ወጣቱን ግማሹ ልክ ነህ አለው። መቁረጡ ልክ ነው፤ ቆጠራው አይደለም። እንግሊዝኛ በስድስት በሰባት ቃል የሚለውን አማርኛ «ስላልመጣችሁልን» ብሎ በአንድ ይጨርሰዋል። ቃሉ አንድ ቢሆንም አፍ ላይ ያው ረጅም ነው። ንግግር የሚለካው በሰዓት ነው እንጂ በቃል ብዛት አይደለም አለ። ሰዓት ይዤ አነበብኩት። የትርጉም ቤቱ አማርኛ ስድስት ደቂቃ ፈጀ፤ እንግሊዝኛው አምስት። የተረፈ ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ የጻፈው ለኔ ከክሩ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ነው። ሁሉንም ብትሰባብሪው ቴሌግራም ይሆንብሻል አለ። የራሴን ረቂቅ ወስዶ አሳየኝ። «ጉድጓድ ቆፈርን። ቧንቧ ዘረጋን። ሮቶ ሰቀልን። ቦኖውን ከፈትን።» ይህን ሰው አይናገረውም። የትርጉም ቤቱ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ማያያዣ ተከትሎ «ቆፈርን እና ዘረጋን እና ሰቀልን» ብሎታል። ይህም አይባልም፤ «እና» ስምን ከስም ሲያያይዝ ይስማማል፣ ግስን ከግስ ሲያያይዝ ግን ንግግሩን ያንገጫግጨዋል። አማርኛ ለዚህ የራሱ መንገድ አለው፦ «ጉድጓድ ቆፍረን፣ ቧንቧ ዘርግተን፣ ሮቶ ሰቅለን፣ ይኸው ዛሬ ከፈትን።» ሰሚው እያንዳንዷን ሥራ እንደሰማ ይይዛታል፤ መጨረሻውን መጠበቅም አያቅተውም። የታሪክ አነጋገር ነው። አያቶቻችን ሲያወሩ እንዲህ ነው የሚያወሩት።

ገደቡንም አልደበቀም። ከሦስት አራት ካለፈ ተናጋሪው ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌላው ደግሞ ሠሪው ሲቀየር ነው። ቆፋሪው እኛ፣ የወጣው ውሃው ከሆነ «ቆፍረን» ብሎ ከመቀጠል «ስንቆፍር ውሃው ወጣ» ማለት ወይም እዚያ ላይ ቆርጦ አዲስ መጀመር ይሻላል። የኔ ረቂቅ ውስጥ አንድ ቦታ ወረዳው፣ ለጋሾቹና ነዋሪው በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው ነበር። ማን ፈቀደ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቆፈረ፣ አይለይም። ለሦስት ከፈልኩት።

4ኛው ሰው ጥያቄዬን ጭራሽ አልተረዳውም። ሰነድ ማስተርጎም ፈልጌ መስሎት የት ማህተም እንደሚያስደርጉልኝና ምን መታወቂያ መያዝ እንዳለብኝ ነገረኝ። አመሰገንኩት።

5ኛዋ የራሷን ጉዳይ ይዛ መጣች። ወንድሟ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ለእህታቸው ሠርግ መጥቶ በእንግሊዝኛ ያሰበውን በአማርኛ ተናገረ። «በቀኑ መጨረሻ ዋናው ፍቅር ነው» ሲል ሽማግሌዎቹ ፕሮግራሙ ማታ ድረስ የሚቆይ መስሏቸው ሰዓታቸውን አዩ። «ዞሮ ዞሮ» ቢል በአንድ ጊዜ ይገባቸው ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ የኛን ጽሑፍ በዚህ ዓይን ፈተሽኩት። «ትልቅ ሚና ተጫውታችኋል» የሚል አገኘሁ። ይህኛው ከመለመዱ የተነሳ ማንንም አያስቅም፤ ግን ማንንም አይነካም። ነዋሪው ያደረገው ምን ነበር? ቧንቧው የሚያልፍበትን ቦይ በየተራ ወጥቶ ቆፍሯል። ስለዚህ «ቦዩን የቆፈራችሁት እናንተ ናችሁ» ብዬ ቀየርኩት። እሷ ግን በዚያው ስለ እህቷ ሠርግ ወጪ ቀጠለች። ሦስት ሰዎች አብረዋት ሄዱ፤ የአዳራሽ ኪራይ፣ የዲኮር ዋጋ፣ ምናምን። እሱን አልፈዋለሁ።

6ኛው መልስ ላይ ነገሩ ጠነከረ። አንድ ሰው ሁላችንንም አንድ ላይ ወቀሰ። አማርኛን የገበያ ቋንቋ እያደረጋችሁት ነው፤ ሮቶ ምንድን ነው፣ ጀሪካን ምንድን ነው፣ ቦኖስ የማን ቃል ነው፤ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ የውሃ መቅጃ ማለት ምን ከለከላችሁ አለ። የምረቃ ንግግር ክብር ይፈልጋል፣ እንግዳ ፊት እንደ ሰፈር ወሬ ማውራት እንግዳን መናቅ ነው ብሎም ጨመረ።

7ኛው ላይ አስተርጓሚው ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ትህትናውን ቤቱ ትቶት ነው። እዚያ ሰፈር ሂድና የውሃ መቅጃው የት ነው ብለህ ጠይቅ፣ ወደ ወንዝ ነው የሚመሩህ አለው። ቦኖ ጣሊያንኛ ይሁን ሌላ፣ እናቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሉት ቦኖ ነው። የማይሰማ ንግግር ክብር የለውም አለ። 6ኛው ሰው በ8ኛው መልስ መለሰለት፤ እዚህ የማልጽፈው አነጋገር ነው። የውይይት መድረኩ አስተናባሪ አንዱን ዓረፍተ ነገር አጠፋው።

በኔ በኩል ሮቶውንም ቦኖውንም አልነካኋቸውም። ግን ሰውዬው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ብዬ አላምንም። ስለ ክብር ያነሳው ነገር መልስ ያገኘው በ9ኛው ላይ ነው።

9ኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ልጆቼ ብለው ጀመሩ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ አሉ። ቀጥለው ንግግሩን ለሁለት ከፈሉት። መግቢያው የፕሮቶኮል ነው። ክቡር ብለው የሚጠሩት ሰው ካለ ክቡር ይባል፣ ማዕረጉ ሳይቆረጥ ይጠራ፤ እዚያ ላይ የመጽሐፍ አማርኛ አይጎዳም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ተናጋሪው ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዙርና በሕዝቡ አማርኛ ይናገር። ሁለቱን ማቀላቀል ነው የሚያስጠላው አሉ። ግማሽ ዓረፍተ ነገር «ተግባራዊ እየተደረገ ይገኛል»፣ ግማሹ «ይኸው ከፈትነው» ሲሆን ሰው ተናጋሪው የማንን ወረቀት እንደሚያነብ ያስባል። «እየተሠራ ይገኛል» ያለው ቦታ ሁሉ «እየሠራን ነው» ይሁን። ማን እንደሚሠራ ይታወቅ።

ምስጋናውንም አረሙልኝ። የትርጉም ቤቱ «ማመስገን እወዳለሁ» የሚለውን አራት ጊዜ ደጋግሞታል። እወዳለሁ ብሎ መቆም ምንድን ነው፣ ከወደዱ ማመስገን ነው እንጂ አሉ። «እናመሰግናለን» ይበቃል። ከልብ ሲሆን ደግሞ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ሙስሊሞችም ስላሉ «ፈጣሪ ይስጥልን» ቢባል ሁሉም አሜን ይላል። አሜን የሚልበት ፋታም ይተውለት። ተናጋሪው ካልቆመ አሜኑ ከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ጋር ይጋጫል። ወረቀቱ ላይ «ቁም» ብዬ በቀይ ጻፍኩ።

ማን ቀድሞ ይጠራ የሚለው ግን አልተፈታም። እሳቸው ሽማግሌዎች ይቅደሙ አሉ። 10ኛው፣ ወረዳ ውስጥ እሠራለሁ ያለ ሰው፣ ኃላፊ ካልቀደመ ቅር የሚለው አይጠፋም አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለኃላፊያችን ተውኩላቸው።

11ኛው ደግሞ ምን አለፋሽ፣ በእንግሊዝኛ ይናገሩና አስተርጓሚ አጠገባቸው ይቁም አለ። ጃንሆይም ጄኔቫ ላይ በፈረንሳይኛ ነው የተናገሩት፣ ከባድ ነገር በተጻፈበት ቋንቋ ሲነገር ያምራል ብሎ ማስረጃ አቀረበ። 12ኛው ወዲያው አረመው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሲረብሿቸውም ጠብቀው በአማርኛ ቀጠሉ። በ1956 ዓ.ም. ኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይም እንዲሁ በአማርኛ ነው። ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ የታሪክ ክር ሆነ። አስተርጓሚው ብቻ ወደ ጉዳዩ መለሰው። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተቋረጠ ሲተረጎም አምስቱ ደቂቃ አሥር ያልፋል፤ እናቶች ፀሐይ ላይ ናቸው። ፈረንጆቹ የእንግሊዝኛውን ወረቀት ይያዙ አለ። ሁለቱ ጽሑፎች ቃል በቃል ባይገጥሙም ቁጥሩና ስሙ ከገጠመ ይበቃል።

ስለ ቁጥር ከተነሳ፣ 14ኛዋ ያየችውን እኔ አላየሁትም ነበር። የለጠፍኩት ሁለተኛ ገጽ ላይ ቦኖው «ከ9 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት» ክፍት ይሆናል ይላል። የትርጉም ቤቱ የእንግሊዝኛውን ሰዓት እንዳለ ነው የተወው። ይህ ከተነገረ እናቶች ጀሪካናቸውን ይዘው የሚመጡት ከሰዓት በኋላ በ9 ነው። ሊባል የተፈለገው ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 11 ነው። ጥበቃው መጀመሪያ የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ስድስት ሰዓት ተዛብቶ ነበር ማለት ነው። እንግሊዝኛው ሥራው በ2023 መጨረሻ ላይ ተጀመረም ይላል። አማርኛው ጽሑፍ ስምንት ቀንሶ 2015 አድርጎታል። ሰባት ዓመት መቀነስ የሚሠራው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ባለው ስምንት ይቀነሳል። የዓመቱ መጨረሻ ከሆነ 2016 ነው። እንዲያውም ንግግር ላይ ዓመተ ምሕረት ለምን ትጠሪያለሽ፣ «ካቻምና መስቀል ሰሞን» በይ አለችኝ። ወሩን ከሠራተኞቹ አጣርቼ «መስቀል ሰሞን» ብዬዋለሁ። ካቻምናውን ግን ለንግግሩ ቀን አስልቼ ነው የምጽፈው፤ «ካቻምና» እንደሚነገርበት ዓመት ይለያያልና።

15ኛው መልስ ከመድረክ መሪው ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ጽሑፉ ያማረ ሆኖም ተናጋሪው ካልተለማመደው ይሰናከላል አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። አንድ አለቃ ምረቃ ላይ «ገና ብዙ ይቀረናል» የሚለውን ሲያነቡ ናን አጥብቀው ገናን በዓል አደረጉት። ወሩ ታኅሣሥ ስለነበር ሰውም አመናቸው። «ይሰጣል» የሚለውም አለ፤ ሲላላ ሰጪ አለው፣ ሲጠብቅ የሚሰጥ ነገር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው አለ። ተናጋሪው ጮክ ብለው ሁለት ጊዜ ያንብቡ፣ አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ የተሰናከሉበትን አስምሪ። ከጠበቀው ፊደል በላይ ነጥብ አድርጊ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እንዳደረጉት። ሁለቴ የተሰናከሉበትን ቃል ግን ነጥብ አያድነውም፤ ለውጪው። ኃላፊያችን «ተጠቃሚነት» ላይ ሁለቴ ቆሙ። «ትጠቀማላችሁ» ስንለው አለፉ።

አብዛኞቹ ዓረፍተ ነገሮች መጀመሪያ ላይ «እኔ» የነበረውንም ያኔ ነው ያየነው። ግሱ ማን እንደሆነ ከተናገረ «እኔ» ትርፍ ነው፤ ሲደጋገም ደግሞ ጉራ ይመስላል። አንዱን ብቻ ተውነው፣ ኃላፊያችን ስለ ራሳቸው ቃል የሚገቡበትን።

16ኛው ያነሳው ሌላ ነው። በዚያ ዙሪያ ያሉ ብዙ አዛውንቶች የሚቀላቸው ኦሮምኛ ነው፤ ሁሉም በአማርኛ ብቻ ለምን አለ። ልክ ነው። 17ኛው ኃላፊው ሰላምታውን በኦሮምኛ ይበሉት አለ። 18ኛዋ አልተስማማችም፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ከወረቀት ላይ አንድ ሰላምታ አንብቦ ሲተወው ለታይታ ይሆናል፣ ይልቅ ከነዋሪው አንድ ሰው ዋናውን ነገር በኦሮምኛ ይናገር አለች። 17ኛው ተናደደ፤ ሰላምታም ካልተባለ ታዲያ ምን ይባላል ብሎ። ለኔ የሷ ይሻላል፤ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ የመክፈቻ ሰዓቱንና የክፍያውን ነገር በኦሮምኛ እንዲናገሩ ጠይቄ እሺ ብለዋል። ክርክሩ ግን እዚያው ቀጥሏል።

ማታ ላይ የመጨረሻውን አንቀጽ ለጠፍኩ። «በመጨረሻም» ብዬ ጀምሬ ነበር። 19ኛው መልስ የመምህርቷ ነው። «በመጨረሻም» ያልሽ ጊዜ ሰው ልብሱን አራግፎ ይነሳል፣ አውጪው አሉ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ የሚለውንም አስወጡኝ። ምርቃት አለ አይደል እንዴ፣ ተናጋሪው ንግግሩን ለሽማግሌው ያስረክብ አሉ። «አባቶች መርቁልን» ብሎ ማይኩን መስጠት ነው።

20ኛው ጀነሬተሩ ከማይኩ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ጠየቀ። ቢያንስ ከቦኖው ጀርባ ይሁን አለ፤ እዚያ ሜዳ ላይ ነፋሱ ራሱ ይበቃል። 21ኛው ውሃው ቅዳሜ በእርግጥ ይመጣል ወይ አለ። ለሱ እስካሁን አልመለስኩለትም፤ ፓምፑን ዓርብ ነው የሚሞክሩት።